ዕርቅ ከመክፈቻው ንግግር እስከ ወረቀቱ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕርቅ ነው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አስታራቂ ፊት ሲቀርቡ ነገሩ በምን ደረጃ ያልፋል? በመጨረሻ የሚፈረመውስ ወረቀት ምን መያዝ አለበት?

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንዲት ሴት አናጢ ዘንድ ቁም ሣጥን አሠራች እንበል። ዋጋው 14,000 ብር ነው። 10,000 ብር በቅድሚያ ከፈለች። አናጢው በአንድ ወር አደርሳለሁ ብሎ በሦስተኛው ወር አመጣው። አንደኛው በርም አልዘጋ አለ። እሷ «ገንዘቤን መልስ» አለች። እሱ ደግሞ «ቀሪዬን 4,000 ብር ክፈይ» አለ። ክስ ከመመሥረታቸው በፊት አስታራቂ ፊት ለመቀመጥ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ደረጃ የአስታራቂው መክፈቻ ንግግር ነው። አስታራቂው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ አልፈርድም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጥ። ስድብ የለም። የማይስማማ ሰው ትቶ መሄድ ይችላል።» ከአንዱ ጋር ዝምድና ካለው ይህንንም እዚሁ ላይ መናገር አለበት። ዝምድናውን ከደበቀና ኋላ ከታወቀ፣ ማንም አያምነውም።

ሁለተኛው ደረጃ የባለጉዳዮቹ ቃል ነው። ሴትዮዋ ሳትቋረጥ ተናገረች። ቀጥሎ አናጢው ተናገረ። አስታራቂው የሁለቱንም ቃል በራሱ አነጋገር ደግሞ «እንዲህ ነው ያላችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የተስማሙበትን ካልተስማሙበት ለየ። በዋጋው፣ በተከፈለው ገንዘብና በመዘግየቱ አልተለያዩም። የተለያዩት በበሩ ነው። እሷ «እንጨቱ እርጥብ ነበር» ትላለች፤ እሱ «የቤትሽ ወለል ወጣ ገባ ነው» ይላል። እንግዲህ ጠቡ ሰፊ ቢመስልም፣ ሲለይ ወደ አንድ በር ጠበበ።

ሦስተኛው ደረጃ ለየብቻ መነጋገር ነው። ሰው ባላጋራው ፊት የማይናገረው ነገር አለው። አናጢው ለብቻው ሲጠየቅ እንጨቱ በደንብ እንዳልደረቀ አመነ። 10,000 ብሩም ለእንጨት መግዣ ወጥቷል፤ የሚመልሰው የለውም። ሴትዮዋ በበኩሏ የምትፈልገው ገንዘቡን ሳይሆን የሚዘጋ ቁም ሣጥን መሆኑን ገለጸች። ልጇን ልትድር ነው። አስታራቂው ይህን ምስጢር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላው አይነግርም። ፈቃድ ስላገኘ ግን ለሁለቱም ነገራቸው።

አራተኛው ደረጃ ድርድር ነው። ሐሳቡ ከራሳቸው መምጣት አለበት። አናጢው በሩን በደረቅ እንጨት አዲስ ሊሠራ ተስማማ። ስለ መዘግየቱም ከቀሪው 4,000 ብር ላይ 1,500 ብር ተቀነሰ። 2,500 ብር ቀረ ማለት ነው።

አምስተኛው ደረጃ ጽሑፉ ነው። ብዙ ዕርቅ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው «አናጢው በሩን በቅርቡ ያስተካክላል፤ ሴትዮዋም ቀሪውን ትከፍላለች» የሚል ነበር። እስቲ ልብ በሉ! «በቅርቡ» መቼ ነው? «ቀሪውን» ስንት ነው? ማንስ ይቀድማል? በሚቀጥለው ወር ጠቡ እንደ አዲስ ይነሣል።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ታረመ፦ «አናጢው የቁም ሣጥኑን የግራ በር በደረቅ እንጨት አዲስ ሠርቶ እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ይገጥማል። በሩ ተገጥሞ መዝጋቱ በታየበት ቀን ሴትዮዋ 2,500 (ሁለት ሺህ አምስት መቶ) ብር ትከፍላለች። በቀኑ ካልተገጠመ በሌላ አናጢ ታሠራለች፤ ወጪውም ከዚሁ ብር ላይ ይቀነሳል።» በወረቀቱ ላይ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ የተፈረመበት ቀንና የምስክሮች ስም ሰፈረ። ሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንድ አንዱን ሁለቱ፣ ሦስተኛውን አስታራቂው ያዙ።

ክስ ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑን አይቶ ይመዘግበዋል።

ወረቀት ሲቀርብላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። ራሳችሁ ቃል በቃል አንብቡት። በአኃዝ የተጻፈው ብር በፊደል ከተጻፈው ጋር አንድ ነው? ቀኑ አለ? ባዶ የተተወ ቦታ አለ? ባዶው ቦታ ላይ ኋላ ሌላ ነገር ሊጻፍበት ስለሚችል በመስመር ይሰረዝ። ያልተስማማችሁበት ቃል ካለ «ይህ ይታረም» በሉ። ወረቀቱ እስካልተፈረመ ድረስ ይህን ማለት መብታችሁ ነው።