አዲሷ ነርስ መቼ ነው ብቻዋን የምትተወው?
በደጀን ለሚሠራ ፕሪሴፕተር የቀረበ ማብራሪያ

ከኮሌጅ ተመርቃ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን የሙያ ፈቃድ ፈተናም አልፋ ሥራ የጀመረች ነርስ ብዙ ነገር ታውቃለች። ፈተናው ግን የጠየቃት በወረቀት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚንቀጠቀጥ ልጁን ታቅፎ የመጣ አባት ፊት ቆማ መድኃኒት ስትበጠብጥ እጇ ምን እንደሚሠራ የሚያየው አብሯት የተመደበው ነባር ነርስ ብቻ ነው። ይህን ነባር ነርስ ነው ፕሪሴፕተር የምንለው። ሥራው ማስተማር ብቻ ሳይሆን “ከዛሬ ጀምሮ ይህን ብቻሽን መሥራት ትችያለሽ” ወይም “ገና ነሽ” ብሎ መወሰንም ነው። ከባዱም ይኸኛው ነው።

የፕሪሴፕተርን ሥራ በሙሉ እዚህ መዘርዘር አይቻልም። ስለዚህ አንድ ክህሎት ብቻ ይዘን እንሂድ፦ በደም ሥር የሚሰጥ አርቴሱኔት። ደጀን ራሷ ደጋ ናት፤ ነገር ግን የተቀመጠችው ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ከከተማው ተነስቶ ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ብዙም ሳይቆይ ቆላ ይገባል። ከዚያ ከቆላው የሚመጡ ሕሙማን አሉ፤ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው ወባ ይዘው የሚመለሱም አሉ። ስለዚህ እዚህ የምትመደብ ነርስ ከባድ ወባ አይቀርላትም።

አርቴሱኔት አሰጣጡ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በተለመደው 60 ሚሊ ግራም ቫይል ውስጥ ያለው ዱቄት መጀመሪያ አብሮት በሚመጣው 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል። ፈሳሹ ጥርት እስኪል ይወዘወዛል፤ ከደፈረሰ አይሰጥም። ከዚያ ለደም ሥር ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም 5 በመቶ ግሉኮስ ይጨመርበታል። ጠቅላላው 6 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይኖራል። ለጡንቻ ከሆነ የሚጨመረው 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥንካሬው እጥፍ፣ 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል። (የሌላ አምራች ምርት አሟሟቱ ሊለይ ስለሚችል ሣጥኑን ሳያነቡ መጀመር አይገባም።) የተበጠበጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይደፋል። ሁለተኛው ዶዝ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ ከዚያ በሽተኛው በአፉ መውሰድ እስኪችል በቀን አንድ ጊዜ ይቀጥላል።

እንግዲህ ፕሪሴፕተሩ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ይህን ሥራ መቶ ጊዜ የሠራ ሰው እርምጃዎቹን አያስባቸውም፤ እጁ ይሠራቸዋል። ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርሶች ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ እንደሚያድጉ ስትገልጽ፣ አዲስ ተመራቂዋን ሁለተኛው ደረጃ ላይ አስቀምጣታለች። ሕጉን ታውቃለች፤ ከፊቷ ካሉት አሥር ነገሮች የትኛው እንደሚቀድም ግን ገና አልለየላትም። ነባሩ ነርስ “እይኝና ሥሪ” ቢላት የምታየው እጁን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ፕሪሴፕተሩ ድምፁን አውጥቶ እያሰበ መሥራቱ ነው፦ “ልጁን አሁን ራሴ መዘንኩት፤ እናቱ የነገረችኝን ኪሎ አልወሰድኩም። ከ20 ኪሎ በታች ነው፤ ስለዚህ በ3 አባዛለሁ።”

ሁለተኛው ደረጃ ላይ እሷ ትሠራለች፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ እያንዳንዱን እርምጃ ከመሥራቷ በፊት በቃል ትነግረዋለች። ሦስተኛው ላይ እሱ አለ፣ ግን ዝም ይላል። ይሄ ዝምታ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ አፋችን ይፈጥናል። አራተኛው ላይ ብቻዋን ሠርታ ሪፖርት ታደርጋለች። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግራት የሳምንት ብዛት ሳይሆን የታየ ሥራ ነው። “ሁለት ወር ሞልቷታል” ማለት ስለ አርቴሱኔት ምንም አይነግረንም፤ በሁለቱ ወር ውስጥ አንድም ከባድ ወባ ላይገጥማት ይችላል። በእኔ ግምት ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ለማለፍ ሦስት ጊዜ ያለ እርዳታ ትክክል መሥራቷ መታየት አለበት፤ ከሦስቱም አንዱ በሌሊት ተራ፣ አንዱ ደግሞ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን ቢሆን ጥሩ ነው።

ለምን ሕፃን? አንድ ሁኔታ እንውሰድ። 14 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ራሱን ስቶ መጥቷል። አዲሷ ነርስ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ናት። ካኑላውን በአንድ ሙከራ አስገብታለች፣ የደም ስኳሩንም ሳይነግሯት ለክታለች። ቫይሉን በትክክል በጠበጠች። ሲሪንጁን ግን 4 ሚሊ ሊትር ላይ አቆመችው። ፕሪሴፕተሩ በልቡ ሲያሰላ 14 በ3 ሲባዛ 42 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 4.2 ሚሊ ሊትር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ደግሞ ወደሚቀጥለው ሙሉ ሚሊ ሊትር ከፍ ማድረግ ስለሆነ 5 መሆን ነበረበት። አሳንሳለች።

መጀመሪያ ማስቆም ነው። ግብረ መልስ የሚባለው ነገር መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ጥቅም የለውም። ግን አባትየው አጠገብ ቆሟል። “ምን እያደረግሽ ነው!” ቢላት እሷም ትደነግጣለች፣ አባትየውም ልጁን ለእሷ ማመን ይተዋል። ስለዚህ ከሥራው ቀን በፊት አንድ ቃል መስማማት ይጠቅማል፤ ለምሳሌ “ሲስተር፣ እስኪ አንድ ጊዜ አብረን እናስላው።” ይህን ስትሰማ እጇን ታቆማለች፣ ወደ ጠረጴዛው ዞር ይላሉ። ያስተካክላሉ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በሚፈጅ ፍጥነት ይሰጣል፣ ልጁ ይረጋጋል። ንግግሩ ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ተራ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ይሁን።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ስህተት የተለመደ ነው። አንዱ ቁጣ ነው። ሌላው ይሉኝታ ነው፦ “ጎበዝ ነሽ፣ በርቺ፣ ትንሽ ሂሳቧን ብቻ ተጠንቀቂ።” ሁለተኛው ደግ ይመስላል፤ ግን ምን እንደተሳሳተች አልነገራትም። ነገም 4 ላይ ታቆማለች።

እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ለቤተሰብ ሐኪም አስተማሪዎች የተዘጋጀና በኋላ ነርሶችም የወሰዱት አጭር ዘዴ አለ፤ የአንድ ደቂቃ ፕሪሴፕተር ይባላል። ፍሬ ነገሩ ከመንገር በፊት መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ውሳኔዋን፣ ከዚያ ምክንያቷን፣ ከዚያ አንድ አጠቃላይ ሕግ፣ ከዚያ በትክክል የሠራችውን፣ በመጨረሻ የሚታረመውን። በእኛ ሁኔታ እንዲህ ይሆናል፦

“4 ላይ ስታቆሚ ሂሳቡን እንዴት ነው የሠራሽው?”

“14ን በ2.4 አባዛሁ። 33.6 መጣ። 3.36 ሚሊ ሊትር፣ ከፍ ሲል 4።”

“2.4ን ከየት አገኘሽው?”

ይህ ጥያቄ ነው ዋናው፤ ምክንያቱም መልሱ ቢያንስ ሦስት ሊሆን ይችላል። “ለሁሉም 2.4 ይመስለኝ ነበር” ካለች ችግሩ እውቀት ነው፤ ከ20 ኪሎ በታች 3፣ ከ20 ጀምሮ 2.4 መሆኑን አስተምሯት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለጊዜው ይመልሳታል። “አውቀው ነበር፣ አባትየው ሲያለቅስ ጠፋብኝ” ካለች እውቀቱ አለ፤ የሚያስፈልጋት ኪሎውንና ማባዣውን ቻርቱ ላይ ጽፋ ከዚያ መቅዳት ነው። “ግድግዳው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ነው” ካለች ደግሞ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለትንንሽ ሕፃናት 3 ሚሊ ግራም ያለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት ለሁሉም 2.4 ነበር። የድሮ ሠንጠረዥ የትም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊቆይ ይችላል። ያኔ የሚታረመው ግድግዳው ነው። ሳይጠይቅ የገሠጸ ፕሪሴፕተር ሠንጠረዡን አያገኘውም፤ የሚቀጥለውም ነርስ እዚያው ትወድቃለች።

ከዚያ ትክክል የሠራችውን በስሙ ይጥራላት። “ጎበዝ” አይበቃም። “ራሱን የሳተ ልጅ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን እንደሚችል አስበሽ ሳልነግርሽ ለካሽ፤ ይህን በየ4 ሰዓቱ ድገሚው” ሲላት የትኛውን መድገም እንዳለባት ታውቃለች።

ሌላ እዚህ አገር የሚፈጠር ወጥመድ ሰዓት ነው። ኦርደሩ ላይ 8፡00 ተብሎ ሲጻፍ የፈረንጅ ነው ወይስ የእኛ? የመጀመሪያው ዶዝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተሰጠ ሁለተኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይኸውም በፈረንጅ 8፡00 ነው። ይህን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብላ የምታነብ ነርስ በስድስት ሰዓት ታስቀድመዋለች፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ብላ የምታነብ በስድስት ሰዓት ታዘገየዋለች። ተራ ስታስረክብ ሰዓቱን በቃልም በጽሑፍም “ጠዋት 2” ብላ መናገሯ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይሁን።

ግምገማው የሚጻፍበት ወረቀት ረጅም መሆን የለበትም። ፕሪሴፕተሩ የራሱ በሽተኞች አሉት፣ ረጅም ቅጽ መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ ራይት እየተደረገ ነው የሚሞላው። ቀን፣ የልጁ ኪሎ (ስም ሳይጠቀስ)፣ ስንተኛው ደረጃ፣ ምን እንደታየ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሁለቱም ፊርማ ይበቃል። ደብተሩን የምትይዘው አዲሷ ነርስ ናት። የሁለቱ ተራ ሲለያይ ሌላው ነርስ ከየት እንደሚቀጥል ከዚያ ያነባል።

አንድ ችግር ግን ይቀራል። ወባ በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በጥር የተቀጠረች ነርስ ሦስት ሕፃን እስኪገጥማት ስንት ወር ትጠብቅ? ጊዜው ያለፈበት ቫይል ካለ ከፋርማሲ በፈቃድ ወስዶ፣ የተለያየ ኪሎ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ 9፣ 14፣ 19፣ 20፣ 26 እያሉ ማስበጥበጥና ሲሪንጁን ማሳየት ይቻላል። 19 እና 20 አብረው ይግቡ፤ ማባዣው የሚቀየረው እዚያ ነው። 19 ኪሎው 5.7፣ ከፍ ሲል 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 20 ኪሎው ደግሞ 4.8፣ ከፍ ሲል 5። የከበደው ልጅ ያነሰ ሲደርሰው አዲሷ ነርስ ትደናገራለች፣ ተሳሳትኩ ብላ ደግማ ታሰላለች። ልክ ናት፤ ግን ይህ መደናገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሚመጣባት በጠረጴዛ ላይ ቢመጣ ይሻላል። በልምምድ ያለፈችውም ደብተሩ ላይ “በልምምድ” ተብሎ ይጻፍ፤ በመስከረም የመጀመሪያው እውነተኛ ልጅ ሲመጣ ፕሪሴፕተሩ አጠገቧ ይቆማል፣ ዝም ብሎ።