ብቻውን የቀረው ቢጫ ማሊያ

ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የቱር ደ ፍራንስ 11ኛው ቀን ነበር። ከአልበርትቪል ከተማ የተነሳው ውድድር የፈረንሳይን አልፕስ አቋርጦ ኮል ደ ግራኖን በሚባል ዳገት ላይ ያበቃል። ጠዋት ሲነሱ ቢጫውን ማሊያ የለበሰው ያለፉትን ሁለት ውድድሮች ያሸነፈው የስሎቬኒያው ታዴይ ፖጋቻር ነው። ዴንማርካዊውን ዮናስ ቪንጌጋርድን በ39 ሰከንድ ይመራዋል። ማታ ላይ ግን ማሊያው የቪንጌጋርድ ሆኗል፤ ፖጋቻርም በጠቅላላ ሰዓት 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ቴሌቪዥን ላይ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያየ ሰው፣ አንዱ ጎበዝ ሌላውን ጎበዝ በዳገት ጣለው ብሎ ያልፈዋል። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከታሪኩ ጅራቱን ብቻ ማየት ነው። ፖጋቻር የተሸነፈው ግራኖን ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ፣ በሌሎች ሰዎች እግር ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ከነፋሱ መጀመር ያስፈልጋል።

ብስክሌተኛ በሜዳ ሲጋልብ ዋነኛ ጠላቱ አየር ነው። አንድ ሰው ከነብስክሌቱ 70 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ለመብረር 400 ዋት የሚጠጋ ጉልበት በፔዳሉ ላይ ማውጣት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ ከአሥር ዘጠኝ እጁ የሚያልቀው አየሩን ለመግፋት ነው። ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ የሚወስደው ቀሪዋን ትንሽ ብቻ ነው። ደግሞም ፍጥነት ሲጨምር አየሩ በእኩል መጠን አይከብድም። ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ሰው አየሩን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆንበታል።

አሁን ይኸው ሰው ከሌላ ብስክሌተኛ ኋላ ይጠጋ። የፊት ጎማው ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ከስንዝር ብዙም አይርቅም። ከፊት ያለው አየሩን ስለሚከፍለት በዚያው ፍጥነት ለመሄድ የሚያወጣው ጉልበት ሲሶ ያህል ይቀንስለታል። በትልቁ መንጋ፣ ማለትም በፔሎቶን መሀል የገባ ሰውማ ጭራሽ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። የአየር ፍሰት ተመራማሪው በርት ብሎከንና ባልደረቦቹ 121 ብስክሌተኞች ያሉበትን መንጋ ፈትሸው በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ እምብርቱ ላይ ያለው ሰው የሚገጥመው የአየር ግፊት ብቻውን ከሚጋልብ ሰው ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። መሪው ሦስትና አራት ሰዓት በዚያ መሀል ተቀምጦ፣ እየበላና እየጠጣ፣ ጉልበቱን ለመጨረሻው ዳገት ማስቀመጥ የሚችለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን አየሩን የሚከፍል ሰው መገኘት አለበት። ቱር ደ ፍራንስ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ጋላቢዎች ያሰልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ለማሸነፍ የመጣው አንዱ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። የቀሩት ረዳቶች ናቸው። ከፊት ሆነው ነፋስ ይቀበላሉ፤ ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሰው የውሃ ኮዳ በማሊያቸው ውስጥ አጭቀው ያመጣሉ፤ የመሪው ጎማ ከፈነዳ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። በኢትዮጵያ የሩጫ ተመልካች ዘንድ አሯሯጭ የታወቀ ነው። የብስክሌት ረዳት ይመስለዋል፤ ልዩነቱ አሯሯጩ ሥራውን ጨርሶ ከመም ሲወጣ፣ ይህኛው ደክሞ ከቀረ በኋላም እየተንፏቀቀ በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ከውድድሩ ይባረራል፤ ከገባ ደግሞ ነገ ጠዋት ያንኑ ሥራ ይደግማል። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሳታፊ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ሲወዳደር በአብዛኛው የነበረው በዚህ የረዳትነት ሚና ነው።

ዳገት ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወጣ መንገድ ላይ ምርጦቹ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ያ 70 ኪሎ ክብደት ያለው ሰውዬ እዚህ ከ300 ዋት በላይ የሚከፍለው ራሱንና ብስክሌቱን ሽቅብ ለማንሳት ነው። ለአየሩ የሚሄደው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ከሌላ ሰው ኋላ ሆኖ የሚያተርፈውም የዚያን አሥረኛ ጥቂት ክፋይ ነው። ሜዳ ላይ ሲሶ የነበረው ጥቅም እዚህ በመቶ ሦስት ወይም አራት ያህል ይሆናል። ጠንካራው ደካማውን ጥሎ መሄድ የሚችለውም እዚህ ነው።

ታዲያ ረዳት በተራራ ላይ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልሰው በግማሽ ነው፤ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ይዞ የተቃዋሚን ረዳቶች አንድ በአንድ ያራግፋል ይላል። ያ እውነት ነው። የረቀቀው ሥራ ግን በተራሮቹ መካከል ነው። አንድ ቀን ሦስት ዳገት ካለው፣ በሦስቱ መካከል ቁልቁለትና ሸለቆ አለው፤ እዚያ ፍጥነቱ እንደገና 45 እና ከዚያም በላይ ይሆናል፣ ነፋሱም ወደ ጌትነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ዕዳው የሚመጣበት ሸለቆው ውስጥ ነው።

የቪንጌጋርድ ቡድን ጃምቦ ቪስማ በግራኖን ቀን የሠራው በዚህ ሒሳብ ነው። ቤልጅማዊው ዎት ቫን አርት ገና ከመነሻው አፈትልኮ ወጣ፤ ሌላው ረዳት ክሪስቶፍ ላፖርትም ከፊት ባመለጡት መካከል ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ለማሸነፍ የሄዱ ይመስላሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ቀድሞ የተላከ ስንቅ ናቸው። ከባድ ሰውነት ያለው ረዳት ከመሪዎቹ ጋር እኩል ረጅም ዳገት መውጣት አይችልም፤ ደቂቃዎች ቀድሞ ከተነሳ ግን በራሱ ልክ እየወጣ፣ መሪው ሲደርስበት ትኩስ ጀርባ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከዚያ ቴሌግራፍ የሚባለው ዳገት መጣ። ቲሽ ቤኖት ፍጥነቱን ጨመረ፣ ተከትሎም የቡድኑ ሁለተኛ ሰው ፕሪሞሽ ሮግሊች አጠቃ። ሮግሊች በ5ኛው ቀን ወድቆ ትከሻው ከቦታው ወጥቶ ስለነበር በጠቅላላ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቢሆንም ከፖጋቻር ያለው ርቀት ከሦስት ደቂቃ በታች ነው። ዘዴው ሁሉ ያረፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ሮግሊች አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ የነበረ ቢሆን ፖጋቻር «ሂድ፣ መንገዱ ያውልህ» ብሎ ይተወው ነበር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለን፣ ያውም ታላቅ ውድድር አሸንፎ የሚያውቅን ሰው ግን መተው አይቻልም።

ከቴሌግራፍ ወደ ጋሊቢየ የሚወስደው መንገድ ላይ ያየነው የብስክሌት ትምህርት ቤት ሊያስተምረው የሚገባ ነገር ነው። ሮግሊች ያጠቃል፤ ፖጋቻር ተነስቶ ይይዘዋል። ሲይዘው ቪንጌጋርድ፣ እስካሁን ከሌላው ጀርባ አርፎ የቆየው፣ በተራው ያጠቃል። ፖጋቻር ያንንም ይይዛል። ከዚያ እንደገና ሮግሊች። ከሁለቱ እያንዳንዱ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ሲሆን ፖጋቻር የሚከፍለው ሁለቴ ነው። ጄሬንት ቶማስ አብሯቸው ነበር፤ የሌላ ቡድን መሪ ስለሆነ ግን ለቢጫው ማሊያ ብሎ ነፋስ የሚገፋበት ምክንያት የለውም። የፖጋቻር ረዳቶች ኋላ ቀርተዋል። ቡድኑ ዩኤኢ ቲም ኤምሬትስ ቀድሞውኑ ሁለት ሰዎቹን፣ ቬጋርድ ላንገንንና ጆርጅ ቤኔትን፣ በኮቪድ አጥቷል።

በእኔ ግምት የፖጋቻር ስህተት ጥቃቶቹን መመለሱ አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ተነስቶ መመለሱ ነው። ረጋ ብሎ ክፍተቱን ቀስ በቀስ ቢዘጋ የሚያወጣው ጉልበት ባነሰ ነበር፤ ድንገተኛ ፍንጠራ በጡንቻ ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ይጨርሳል። ይባስ ብሎ ጋሊቢየ ላይ ራሱ አጠቃ፤ ሮግሊችን ጣለው፣ ቪንጌጋርድ ግን ከጎማው አልተላቀቀም። ያን ጊዜ ጥንካሬ መስሎ ታየ።

ከጋሊቢየ በኋላ ረጅሙ ቁልቁለትና ሸለቆ መጣ፣ ከኋላ የቀሩትም ደረሱባቸው። ከፖጋቻር ሰዎች ራፋል ማይካ ተመልሶ መጣና ግራኖን ሥር ፍጥነቱን ያዘለት። ከውጭ ሲያዩት ቡድኑ ያገገመ ይመስል ነበር። ግራኖን 11.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከ9 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ጫፉም ከባሕር ወለል 2,413 ሜትር ላይ ነው። ወደ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ቪንጌጋርድ ተነሳ፤ ፖጋቻርም ሊመልስ አልቻለም። ማሊያው ተከፍቶ፣ ትከሻው እየተወዛወዘ ሲወጣ ሌሎችም አለፉት። ሰባተኛ ሆኖ ገባ፣ ከአሸናፊው 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ በኋላ። የቪንጌጋርድ እግር በዚያች ሰዓት የተሻለ ነበር፤ የተሻለ የሆነበት አንዱ ምክንያት ግን ጠዋት ጀምሮ ሌሎች ሰዎች ስለከፈሉለት ነው።

ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አይሠራም። ቀድሞ የተላከው ረዳት በጣም ርቆ ከሄደ መሪው ሲፈልገው አይደርስበትም፤ በጣም ከቀረበ ደግሞ ገና ከጅምሩ ይዋጣል። ከሁሉ የሚከፋው ረዳቱ ከልክ በላይ ሲፈጥን ነው፤ ተቃዋሚን አራግፋለሁ ብሎ የገዛ መሪውን ያራግፋል። እንዲህ ሲሆን መሪው በሬዲዮ «ቀንስ» ሲል ካሜራው ያሳየናል፤ ከዚያች ሰኮንድ በኋላ ሌሎቹ ቡድኖች ደካማው ማን እንደሆነ አውቀዋል።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 14፣ ኦታካም ላይ ያው ዘዴ ያለ ምንም እንከን ሠራ። ፖጋቻር በዚያ ቀን ሲነሳ ከስምንት ሰዎች የቀሩለት ሦስት ረዳቶች ብቻ ነበሩ፤ ማይካም በጡንቻ ጉዳት ወጥቷል። ቫን አርት ጠዋት አምልጦ ከፊት ነው። መጀመሪያ ሴፕ ኩስ ቪንጌጋርድንና ፖጋቻርን በፍጥነት እየጎተተ ዳገቱን ወጣ፤ እሱ ሲያበቃ ቫን አርትን ደረሱበት። ቀኑን ሙሉ ከፊት የዋለው ይህ ሰው፣ በተፈጥሮው የተራራ ጋላቢ ያልሆነው፣ ከፊታቸው ተተክሎ ሲጎትት ፖጋቻር ከጎማው ተላቀቀ። ቪንጌጋርድ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ቀድሞት ገባ። ፓሪስ ሲደርሱ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነበር፤ ከፖጋቻር ቡድን ፓሪስ የደረሱት ራሱን ጨምሮ አራት ናቸው።