ስልሳ ሰከንድ ዳገት ላይ

የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ተቋም የሚያሠራው አጭር ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። ሙዚቃው ይነሳል፣ አንድ ወጣት አዲስ መንጃ ፈቃዱን ከፍ አድርጎ ይስቃል፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር ይመጣል። ከስክሪፕቱ የተረሳው ትምህርቱ ራሱ ነው። ገና 18 ዓመት የሞላው ተመልካች ማወቅ የሚፈልገው ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚገጥመውና የሚፈራውን ነገር ማን እንደሚያስተምረው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ፍርሃት ብዙውን ጊዜ ዳገት ነው። ከተማዋ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ናት። ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሰው ዳገቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። ለማጅ ደግሞ በፍሪሲዮኑ ያውቀዋል፤ ዳገት መሐል ቆሞ ሲነሳ ሞተሩ ይጠፋበታል፣ ወይም መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስም ክላክስ ያደርጋል። ስለዚህ ትምህርቱን ለወጣቶች የሚያስተዋውቅ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሁሉንም ነገር ለመናገር ከሚሞክር ይልቅ ዳገት ላይ መነሳትን ብቻ መርጦ በደንብ ቢያሳይ ይሻለዋል።

የቪዲዮ ስክሪፕት ገጽ እንደተለመደው ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን የሚታየው፣ በሌላው የሚሰማው ይጻፋል። ጸሐፊው በሚታየው ወገን ይጀምራል፤ ምስሉ የሚናገረውን በቃል መድገም የተመጠነውን ጊዜ ይበላል። የተጻፈውንም ስልክ ላይ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። በዓይን ሲታይ አጭር የመሰለ አንቀጽ በድምፅ ሲነበብ ደቂቃውን አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ናሙናው እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት መኪና ዳገት ላይ ቆማ ከጎን ትታያለች፣ ከኋላዋ ሚኒባስ አለ። ተራኪው «ዳገት ላይ ቆማችኋል። ከኋላችሁ መኪና አለ። ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። «እናንተ» ማለቱ ወንዱንም ሴቷንም በእኩል ያነጋግራል።

ከዚያ እስከ 15ኛው ሰከንድ ድረስ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሰልጣኟ ቀበቶዋን ታስራለች፣ ስፖኪዮዋን ታስተካክላለች። ቀጥሎ የአሰልጣኙ እግር ይታያል፤ በእሱ በኩልም ፍሬን አለ። ለዚህ ምስል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አሰልጣኙም የራሱ ፍሬን አለው።» መኪና ነክቶ ለማያውቅ ወጣት ይህ ከብዙ ማሞገሻ የበለጠ ያረጋጋዋል።

ከ15ኛው እስከ 40ኛው ሰከንድ ያለው የቪዲዮው እምብርት ነው። መኪናዋ በእጅ ፍሬን ተይዛለች። ሰልጣኟ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ትረግጣለች፣ አንደኛ ማርሽ ታስገባለች፣ ስፖኪዮውንና ጎኗን ታያለች። ትንሽ ነዳጅ ትሰጥና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ትለቃለች። እዚህ ላይ ተራኪው ዝም ይላል፣ ሙዚቃም አይኖርም፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ይሰማ። ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይከብዳል፣ መኪናዋም ልትሄድ እንደምትል ትንሽ ትነቃነቃለች። የእጅ ፍሬኑ የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። ድምፁን በሙዚቃ የሸፈነ አዘጋጅ ለተመልካቹ ዋናውን ምልክት ነፈገው ማለት ነው።

ቀጣዮቹ አሥር ሰከንዶች ለስህተት ይመደባሉ። ሰልጣኟ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ትለቀዋለች፣ መኪናዋ ዘለል ትልና ሞተሩ ይጠፋል። አሰልጣኙ ድምፁን ሳይጨምር «አይዞሽ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ እንደገና አስነሺ» ይላታል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ትዕይንት ማውጣት ይፈልጋሉ፤ ተቋማቸውን ደካማ የሚያስመስል ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወጣቱ የሚማርበትን ቦታ የሚመርጠው ሲሳሳት እንዴት እንደሚያነጋግሩት ዓይቶ ነው። ሌሎቹ ስህተቶች በዚህ ቪዲዮ ውስጥ አይገቡም። የእጅ ፍሬኑን ፍሪሲዮኑ ሳይይዝ መልቀቅ መኪናውን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ፍሪሲዮንን ግማሽ ላይ ይዞ ነዳጅ ማብዛት ደግሞ የቃጠሎ ሽታ ያመጣል፣ ዲስኩንም ይበላዋል። ለእነዚህ ሌላ ቪዲዮ መሥራት ይቻላል።

ቀረጻው የራሱ ወጥመድ አለው። ዳገትን ከውጭ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ከመንገዱ ጋር ካዘነበለው ዳገቱ ምስሉ ላይ ይጠፋል፣ መንገዱ ሜዳ ይመስላል። ካሜራው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከጀርባ ያለ የቤት ግድግዳ ወይም የመብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከታየ የዳገቱ ልክ ይታወቃል። እግር የሚረግጥበት ቦታ ጨለማ ስለሆነ ትንሽ መብራት ይፈልጋል፣ የእግሩ ቅርብ ምስልም መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ለብቻው ቢነሳ ይመረጣል። እየነዳ ለካሜራ የሚናገር ሰልጣኝ፣ ወይም ስልክ በእጁ የያዘ ሹፌር በማሰልጠኛ ተቋም ቪዲዮ ውስጥ ቦታ የለውም። ከኋላ የሚቆመው ሚኒባስም አስቀድሞ የተነጋገሩት ሹፌር የሚይዘው፣ ርቀቱን የጠበቀ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ የቆመ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ሦስቱ ዋና ደረጃዎች በጽሑፍ ይወጣሉ፦ «ነዳጅ በትንሹ»፣ «ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ»፣ «ሲይዝ የእጅ ፍሬን»። ጽሑፉ ወደ ላይ ከፍ ቢል ይሻላል፤ በቲክቶክ ስክሪን የታችኛውን ክፍልና ቀኙን ጠርዝ ቁልፎችና መግለጫዎች ይሸፍኑታል።

ወጣቶች የሚያነሱት አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። ታዲያ ለምን ይለመዳል? ቀድሞ የገቡት የማርሽ መኪኖች፣ ሚኒባሶቹም ጭምር፣ ገና ለብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ሥራ ፈላጊው ወጣት ነገ የሚሰጠው ቁልፍ የእነሱ ሊሆን ይችላል። ስክሪፕቱ ይህን በክርክር መመለስ የለበትም። ሥልጠናው በየትኛው ዓይነት መኪና እንደሚሰጥ በግልጽ መናገር ይበቃዋል።

የመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች የመረጃ ናቸው። የንድፈ ሐሳብ ትምህርት፣ ከዚያ የተግባር ልምምድ፣ ከዚያ ፈተና እንዳለ በቅደም ተከተል ይነገራል፤ የመኪናው ዓይነት፣ ሙሉ ክፍያው፣ የትምህርት ሰዓቱና አድራሻው ይከተላሉ። «ማለፍ የተረጋገጠ ነው» የሚል ቃል ግን ከስክሪፕቱ መውጣት አለበት። ተቋሙ ያሠለጥናል እንጂ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጠው የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው።

ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ስክሪፕቱን መኪና ነድቶ ለማያውቅ አንድ ወጣት ማንበብና የዳገቱን ቅደም ተከተል መልሶ እንዲናገር መጠየቅ ይጠቅማል። የእጅ ፍሬኑን ከፍሪሲዮኑ አስቀድሞ የሚለቅ ከሆነ ጸሐፊው የሚያስተካክለውን ቦታ አገኘ ማለት ነው፤ ከ15ኛው ሰከንድ ጀምሮ ያለውን ክፍል ያቀልለዋል፣ የሚጨምረውንም ጊዜ ከመግቢያው ይቀንሳል።