ለትምህርት ቤት በምጽፈው ደብዳቤ ላይ ምን አለ?

ሰሞኑን ሳሪስ አቦ አካባቢ ለሚማር፣ ትኩረቱን መሰብሰብ ለሚቸግረው የ3ኛ ክፍል ልጅ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ልዩ ክትትል ይደረግለት» ብቻ ብል መምህርቷን አይጠቅማትም፤ ነገ ጠዋት ክፍል ገብታ ልታደርገው የምትችለውን ነው መጻፍ ያለብኝ።

ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ ከመስኮትና ከበር ርቆ ፊት ዴስክ ላይ፣ ረጋ ካለ ልጅ ጎን ይቀመጥ። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይነገረው፤ የተባለውንም ራሱ ይድገመው። 10 የሒሳብ ጥያቄ ካለ መጀመሪያ 5ቱን ሠርቶ ያሳይ። በመሃል ሰሌዳ እንዲያጠፋ ወይም ደብተር እንዲሰበስብ ቢታዘዝ፣ ተንቀሳቅሶ ስለሚመለስ መቀመጥ ይቀለዋል። በፈተና ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው። እባካችሁ፣ ለቅጣት ብላችሁ እረፍት አትከልክሉት፤ ሳይሮጥ ከዋለ ይብስበታል።

የችግሩን ስም የጠቀስኩት ወላጆቹ ስለፈቀዱ ነው። የቤተሰቡን ጉዳይ ግን አልጻፍኩም፤ ትምህርት ቤቱን አይመለከትም።

60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሁሉንም መፈጸም ይከብዳል። ያኔ ከመቀመጫውና ከትእዛዙ ይጀመር። መምህርቷ በየቀኑ ደብተሩ ላይ «ጀመረ»፣ «ጨረሰ» እያለች ምልክት ታድርግ፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ወላጆቹ ያንን ይዘው ሲመጡ የቱ እንደሠራ አይተን ደብዳቤውን እናስተካክላለን።