‹‹ዱ››ን እና ‹‹ዉድ››ን በአንድ ምልልስ፦ ለሁለት ተማሪዎች የተዘጋጀ የሚና ጨዋታ

በእንግሊዝኛ ክፍል የሚሰጥ የሚና ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚያለማምደው አንድ ሰዋስዋዊ ቅርጽ ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ቅርጾችን በአንድ ምልልስ ማቀናጀት ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚሰጠውን ጥቅም ያብራራል። የመጀመሪያው በረዳት ግሡ ‹‹ዱ›› የሚመሠረተው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነት ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የሚገምተው፣ ‹‹ሁለተኛው ሁኔታዊ›› የሚባለው ዐረፍተ ነገር ነው።

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት

በአማርኛ ‹‹አያት ትኖራለህ›› የሚለው ዐረፍተ ነገር በድምፅ አወጣጥ ብቻ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ‹‹የት ትኖራለህ?›› ሲባልም መጠይቁ ቃል በቦታው ስም ተተክቶ ይገባል እንጂ የቃላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ረዳት ግሥን ከባለቤቱ ፊት ያመጣል። ዐረፍተ ነገሩ ረዳት ከሌለው ‹‹ዱ›› ይገባለታል፤ እንደ ‹‹ዉድ›› ያለ ረዳት ካለው ግን ቦታ የሚለውጠው ራሱ ‹‹ዉድ›› ነው።

በሁኔታዊው ዐረፍተ ነገር ያለው ልዩነት ይበልጥ ረቂቅ ነው። ‹‹ቅርብ ብኖር በእግሬ እመጣ ነበር›› ስንል ‹‹ነበር›› በዋናው ሐረግ መጨረሻ ይቆማል፤ ‹‹ብኖር›› ግን የኀላፊ ግሥ ቅርጽ የለውም። በእንግሊዝኛ በተቃራኒው የኀላፊው ቅርጽ ‹‹ኢፍ››ን በሚከተለው ግሥ ላይ ያርፋል፤ ዋናው ሐረግ ‹‹ዉድ››ን ይይዛል። ነገሩ ግን ያለፈ ሳይሆን አሁን የሌለ ነው።

ሁለቱ ቅርጾች የሚገናኙት የ‹‹ኢፍ›› ሐረግ አሉታዊ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የኀላፊነቱን ምልክት ‹‹ዲድንት›› ይሸከማል፤ ዋናው ግሥም ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል።

የምልልሱ አሠራር

ምልልሱ የተመሠረተው በአንድ ደንብ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ግምት አስቀድሞ በ‹‹ዱ›› ተጠይቆ የታወቀ እውነታ ተቃራኒ ይሆናል። እውነታው አዎንታዊ ከሆነ ግምቱ አሉታዊ፣ አሉታዊ ከሆነም ግምቱ አዎንታዊ ይሆናል።

ሀ፦ ዌር ዱ ዩ ሊቭ?
ለ፦ አይ ሊቭ ኢን አያት ዊዝ ማይ አንት።
ሀ፦ ዳዝ ዩር አንት ሀቭ ኤ ካር?
ለ፦ ኖ፣ ሺ ዳዝንት።
ሀ፦ ኢፍ ሺ ሀድ ኤ ካር፣ ዉድ ሺ ብሪንግ ዩ ቱ ክላስ?
ለ፦ የስ፣ ሺ ዉድ።
ሀ፦ ኢፍ ዩ ዲድንት ሊቭ ዊዝ ሀር፣ ዌር ዉድ ዩ ሊቭ?
ለ፦ አይ ዉድ ሊቭ ኢን ዘ ዶርሚቶሪ።

አክስቲቱ መኪና የላትም፤ ስለዚህ ግምቱ ‹‹ሀድ››ን ይዞ መጣ። ተማሪው ከእርሷ ጋር ይኖራል፤ ስለዚህ ግምቱ ‹‹ዲድንት ሊቭ›› ሆነ።

በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ተማሪዎች ምልልሱን ያነባሉ፤ ከዚያም ሚና ይለዋወጣሉ። በሁለተኛው ዙር ‹‹ለ›› ስለ ራሱ እውነተኛ መልስ ይሰጣል። ‹‹ሀ›› የተጻፈው ግምት ስለማይሠራለት የሰማውን መልስ ገልብጦ አዲስ ግምት ለመመሥረት ይገደዳል። ልምምዱ በእርግጥ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስሕተትን መለየት

‹‹ዌር ዱ ዩ ዉድ ሊቭ?›› የሚል ተማሪ ‹‹ዱ››ን እንደ አማርኛው ‹‹ወይ›› የጥያቄ ምልክት አድርጎ ይዞታል። መምህሩ ‹‹በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ረዳት ግሥ አለ ወይ?›› ብሎ ቢጠይቀው ራሱ ሊያርመው ይችላል። ‹‹ኢፍ ዩ ዲድንት ሊቭድ›› የሚል ደግሞ የኀላፊነቱን ምልክት ሁለት ጊዜ አስገብቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይሰማው ስሕተት ነው። ተማሪው ‹‹ኢፍ ሺ ሀድ ኤ ካር›› የሚለውን አንዳች ሳያዛንፍ ተናግሮ፣ በልቡ ግን አክስቲቱ ድሮ መኪና እንደ ነበራት ሊረዳ ይችላል። ይህን የሚገልጠው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ ‹‹ዳዝ ሺ ሀቭ ኤ ካር ናው?›› ‹‹ኖ›› የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም፤ መኪናው ተሸጦ ይሆናል ብሎ የሚያስብም ‹‹ኖ›› ይላልና። ስለዚህ ‹‹ዲድ ሺ ሀቭ ኤ ካር ቢፎር?›› የሚል ጥያቄ ይከተላል። ዐረፍተ ነገሩን የተረዳ ተማሪ ስላለፈው ምንም እንዳልተነገረ ይገልጻል፤ ያልተረዳው ግን ሳያመነታ ‹‹የስ›› ይላል።

የምልልሱ ወሰን

‹‹ቢ›› የተባለው ግሥ ሆን ተብሎ ከምልልሱ ቀርቷል። ጥያቄው ያለ ‹‹ዱ›› የሚመሠረት፣ በ‹‹ኢፍ›› ሐረግም ከሁሉም ባለቤቶች ጋር ‹‹ወር›› ሊሆን የሚችል በመሆኑ ከላይ የተገለጸውን ደንብ ያደበዝዘዋል። ተማሪዎቹ እውነታን ወደ ግምት መገልበጥ ከለመዱ በኋላ ለብቻው በሌላ ምልልስ ቢቀርብ ይሻላል።