ከመስታወቱ ተርፎ ኮፈኑ ላይ የሚደርቀው ውሃ

የጎረቤቴ ጥቁር መኪና ኮፈን ላይ፣ ከውሃ መርጫዎቹ ሥር ተነስተው ወደ ፊት የወረዱ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች ነበሩ። መኪናው በየሳምንቱ ይታጠባል፤ መስመሮቹ ግን አይለቁም። ለፊት መስታወት ማጠቢያው ምን እንደሚጨምርበት ጠየቅሁት። «የቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ የዕቃ ሳሙና» አለኝ።

ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረው ሁሉ ኮፈኑ ላይ ይቀራል። የቧንቧ ውሃ ኖራ መሰል ማዕድን አለው፤ የዕቃ ሳሙና ደግሞ ቅባት እንዲያስለቅቅ የተሠራ ስለሆነ የቀለሙን መከላከያ ሰም ይገፍፋል፤ ብዙው እንዲወፍር ጨው ይገባበታል። ከሥሩ ሞተር፣ ከላዩ ፀሐይ ያጋለው ኮፈን ላይ ጠብታው ወዲያው ይደርቃል፤ ቅሪቱም በየቀኑ ይደራረባል። አረፋው ራሱ መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይተውና ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል።

በረኪና የሚጨምሩም አሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ብረትና ጎማ ይበላል። ኮምጣጤም ቢሆን ለዘወትር አይሆንም።

ቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ለአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል የፋርማሲ አልኮል፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ጠብታ ሳሙና ብቻ። አልኮሉ ቅባቱን አሟሙቶ ይተናል። ዲስቲልድ ውሃ ለባትሪ የሚሸጠው ነው፤ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳታነቡ እንዳትገዙ። ድብልቁን ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ማንኪያ መስታወት ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ነጭ ክብ ከተወ ኮፈናችሁም ላይ ይተዋል።

ፋብሪካ የሚያዘጋጀው ፈሳሽ በመመሪያው ልክ ከተቀጠነ ለቀለም ችግር የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ሳይቀጥን ሲፈስና ሳይታጠብ ሲቀር ነው። ዋጋ የሚያስወጣው የክረምት ዓይነት ግን አዲስ አበባ ላይ አያስፈልግም፤ እሱ የተሠራው እንደ ሚኒያፖሊስ ላለ፣ ተራ ውሃ በረዶ ሆኖ ማጠራቀሚያውን ለሚሰነጥቅበት አገር ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ልብ በሉ፦ ብዙው ሜታኖል አለበት፤ ሜታኖል ሲጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።

የጎረቤቴን ኮፈን በጠዋት፣ ሳይግል፣ እኩል በተቀላቀለ ነጭ ኮምጣጤና ውሃ በለስላሳ ጨርቅ ጠርገን ወዲያው በብዙ ውሃ አለቀለቅነው፤ ከደረቀ በኋላም ሰም ቀባነው። አንዱ መስመር ጠፋ። ሁለተኛው በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ይላል፤ የቀለሙ የላይኛው ሽፋን ተበልቷልና በማጠብ አይመለስም፣ ቀለም ቀቢ ዘንድ መሄድ አለበት።