ገንዘብ ሲያንስ የትኛው መድን ይቅደም?

በአዲስ አበባ ተከራይቶ የሚነግድ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ሱቁ ውስጥ 800 ሺህ ብር የሚያወጣ ልብስና ጨርቅ አለ፤ ከፊሉ በዱቤ የመጣ ነው። ሚስቱ ሦስት ትንንሽ ልጆች ታሳድጋለች፤ የቤቱ ገቢ እሱ ብቻ ነው። ለመድን በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ከጥቂት ሺህ ብር አያልፍም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃውን ነው። እኔ ግን ከጤናው እንዲጀምር እመክረዋለሁ።

ቃጠሎ ላይደርስበት ይችላል፤ አምስት ሰው ባለበት ቤት ግን ሕመም ሳይገባ የሚያልፍ ዓመት የለም። መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ለእሱ ዓይነት ሰው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ ደረጃ ነው፤ ተመላላሽም ተኝቶም መታከምን ይሸፍናል። ለመነጽር፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ወይም ውጭ አገር ለመታከም ግን አይከፍልም። መንገዱም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል። ድንገተኛ ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪው ወይም ከፊሉ በራሱ ላይ ይወድቃል። አባላትን የሚያማርረው ትልቁ ችግር የመድኃኒት እጥረት ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከየትኛው መድኃኒት ቤት ጋር ውል እንዳለ ወረዳውን ይጠይቁ። ምዝገባና እድሳት በዓመት ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሚካሄድ፣ ሰው ሲታመም ተሯሩጦ መግባት አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሕይወት መድን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እድር ቀብሩንና ሐዘኑን ይሸፍናል፤ በቀጣዩ ወር የሚመጣውን የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይነካም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ለተወሰነ ዘመን፣ ለምሳሌ ለ10 ዓመት፣ የሚገባው ተራ የሕይወት መድን ነው። ገቢው በዚያ ዘመን ውስጥ ከሞተ ቤተሰቡ የተስማማበትን ገንዘብ ይቀበላል። ዘመኑ በሰላም ካለፈ የሚመለስ ነገር የለም። ሻጮች አብዝተው የሚያቀርቡት ሌላውን፣ ቁጠባ ያለበትንና በመጨረሻ ገንዘብ የሚመልሰውን ነው። “የከፈልኩት አይጠፋም” የሚለው ነገር ልብ ይስባል፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍያ ወደ ቁጠባው ስለሚሄድ፣ በዚያው አረቦን የሚገኘው የሞት ካሳ እጅግ ያንሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቋረጠም ጥቂት ወይም ምንም አይመለስለትም፤ ከዓመታት በኋላ የሚመለሰውን ብር ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ይበላዋል። ለልጆቹ ለሚሰጋ ድሃ አባት ቁጠባ የሌለበት ይሻላል ባይ ነኝ። ሲሞላ ግን የደም ግፊቱን ወይም የስኳር ሕመሙን አይደብቅ፤ የተደበቀ ሕመም ከሞት በኋላ ሲገለጥ ካሳውን ያስቀራል።

የንብረት መድን ሦስተኛ የሚሆነው ዕቃው ስለማያስፈልግ አይደለም፤ በግማሽ ከተገባ ስለሚከዳ ነው። ባለሱቃችን አረቦን ለመቀነስ ብሎ የ800 ሺህ ብሩን ዕቃ በ400 ሺህ ብር አስመዘገበ እንበል። እሳት የ300 ሺህ ብር ዕቃ አጠፋበት። ከ400 ሺህ በታች ነውና ሙሉውን የሚከፈለው ይመስለዋል። መድን ሰጪው ግን የንብረቱ ግማሽ ብቻ ነው የተመዘገበው ብሎ የጉዳቱንም ግማሽ፣ 150 ሺህ ብር፣ ይከፍለዋል፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ከራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የንግድ ሕጉ የሚያውቀው ደንብ ነው። የእሳት ፖሊሲ በመሠረቱ እሳትና መብረቅን የሚመለከት ስለሆነ ስርቆት፣ ጎርፍና ሁከት ለየብቻ ተጠይቀውና ተከፍሎባቸው ይጨመራሉ። ሱቁ ተዘግቶ የቀረው ትርፍም በተራው ፖሊሲ አይካስም። የግዢ ደረሰኝና የዕቃ መዝገብ ሱቁ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አብሮ ከተቃጠለ፣ ምን ያህል እንደጠፋ ማስረዳት ይከብዳል።

ባንክ ለብድሩ ያስገባው መድን አለኝ የሚል ሰውም ውሉን ገልጦ ይየው። ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በመያዣ የተያዘው ቤት ወይም መኪና ነው፤ ካሳው ሲመጣም ባንኩ ይቀድማል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ አንድ ነገር ዱቤው ነው። ዕቃው ቢቃጠል ዕዳው ቤት እስከማስሸጥ የሚደርስ ከሆነ፣ ከጤናው ቀጥሎ ዕቃውን በሙሉ ዋጋው ያስመዝግብ፤ አቅም ካነሰው ዕቃውን ይቀንስ እንጂ የሚያስመዘግበውን ዋጋ አይቀንስ። እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት ውሉን ቤት ወስደው “የማይሸፈኑ” የሚለውን ክፍል ያንብቡ፤ ያልገባዎትን ሻጩ በጽሑፍ እንዲመልስልዎ ይጠይቁ።